ሁለቱንም ወገን በ X' ማባዛት ማረጋገጫ አይሆንም

«የሪግሬሽን የማትሪክስ ቀመር የሚያስፈራ ነገር የለውም። Xβ = y ብላችሁ ጻፉ። X ካሬ ስላልሆነ ሁለቱንም ወገን በ X' አባዙ፣ ከዚያ በ (X'X)⁻¹ አባዙ፣ አለቀ። በዲሪቫቲቭ መሥራት የሚፈልግም የ β'Aβ ዲሪቫቲቭ 2Aβ መሆኑን ይዞ ዜሮ ያድርገው፤ ዜሮ የሆነበት ቦታ ትንሹ ነው። X'X ኢንቨርስ ከሌለው ግን ኖርማል ኢኩዌሽኑ መፍትሔ የለውም፤ ዳታው አይሠራም ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቀመሩን እንዳለ ጻፉት፤ ሒሳቡ አንድ ስለሆነ ውጤቱም አንድ ነው።»

ይህን ጽሑፍ የደሴና የኮምቦልቻ የስታትስቲክስ፣ የኢኮኖሚክስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እየተቀባበሉ እያነበቡት ነው። ጸሐፊው ነገሩን ለማቅለል የደከሙ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የመጨረሻው ቀመርም ትክክል ነው። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ተማሪ ቀመሩን ይሸመድዳል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ቢጠየቅ መልስ የለውም። ዳታው ትንሽ ሲያስቸግረውም የሚጨብጠው ያጣል። ስለዚህ አራቱን ነጥቦች በተራ ልመልስ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እቆያለሁ፤ የሌሎቹ መልስ ከእሱ ነው የሚወጣው።

አስቀድመን አንድ ዳታ እንያዝ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት እናስብ። ባለቤቱ በየቀኑ ስንት ኩንታል እህል እንደፈጨና ቆጣሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደቆጠረ ይመዘግባል። ቁጥሮቹን በእጅ ለመሥራት እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው። በአራት ቀን 1፣ 2፣ 3 እና 4 ኩንታል ፈጨ። ቆጣሪው በዚያው ቅደም ተከተል 7፣ 11፣ 15 እና 23 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ።

ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንድም እህል ሳይፈጭ በየቀኑ የሚሄደው ስንት ነው? ይህ β₀ ነው። አንድ ኩንታል ሲጨመር የሚጨመረውስ ስንት ነው? ይህ ደግሞ β₁ ነው። በማትሪክስ ስናስቀምጠው ይህን ይመስላል፦

```
      1  1           7
X  =  1  2     y  = 11
      1  3          15
      1  4          23
```

የ X የመጀመሪያ ዓምድ ለ β₀ ነው፤ ሁለተኛው ኩንታሉ ነው። X' የምለው የ X ትራንስፖዝን ነው፤ ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱ ረድፍ ሲሆን ማለት ነው።

አንደኛው ነጥብ፦ በ X' ማባዛት

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት Xβ = y የሚለው እኩልነት እውነት ነው ወይ የሚለው ነው። እንሞክረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ብቻቸውን β₀ = 3፣ β₁ = 4 ይሰጣሉ። በሦስተኛው ቀን 3 + 4×3 = 15፤ ይህም ገጠመ። በአራተኛው ቀን ግን 3 + 4×4 = 19 ይመጣል፤ ቆጣሪው የሚለው 23 ነው። አልገጠመም። አራቱንም ቀን በአንድ ጊዜ የሚያስማማ β የለም። ስለዚህ Xβ = y ብለን ስንጽፍ የሌለ ነገር እንዳለ አድርገን ነው የጀመርነው።

ከሌለ እኩልነት ተነስቶ ሁለቱንም ወገን ማባዛት የት እንደሚያደርስ ላሳይ። በ X' ማባዛት የተፈቀደ ከሆነ፣ መጠኑ የሚገጥም ሌላ ማትሪክስስ ለምን አይፈቀድም? Z የምትባል ማትሪክስ እንውሰድ። የመጀመሪያ ዓምዷ 1፣ 1፣ 1፣ 1 ነው። ሁለተኛው 0፣ 0፣ 0፣ 1 ነው። ሁለቱንም ወገን በ Z' ስናባዛ እነዚህን እናገኛለን፦

4β₀ + 10β₁ = 56
β₀ + 4β₁ = 23

መፍትሔው β₀ = −1፣ β₁ = 6 ነው። አንድ ቁርጥ ያለ መልስ። በ X' ብናባዛ ደግሞ፣ በኋላ እንደምናየው፣ 1 እና 5.2 ይመጣል። አንድ ዳታ፣ አንድ «እኩልነት»፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ሁለቱም የተገኙት በዚያው «ሁለቱንም ወገን አባዙ» በሚለው ዘዴ ነው። እንግዲህ X' ን ከ Z' የሚያስመርጠን ምንድን ነው? የጸሐፊው መንገድ ለዚህ ጥያቄ ምንም መልስ የለውም። (በ Z' ማባዛት በራሱ ነውር የለበትም። ኢኮኖሜትሪክስ የተማረ ሰው ኢንስትሩመንታል ቫሪያብል በሚባለው ዘዴ ውስጥ ያውቀዋል። እዚያ ግን Z የምትመረጥበት የራሷ ምክንያት አላት።)

ምክንያቱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። ሁሉንም ቀን የሚያስማማ β ከሌለ፣ ከሌሎቹ ይልቅ የሚቀርበውን እንፈልጋለን። «የሚቀርብ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መወሰን አለብን። ቆጣሪው ከቆጠረው ላይ የገመትነውን ስንቀንስ የሚተርፈውን ቀሪ እንበለው። የየቀኑን ቀሪ ካሬ አድርገን እንደምራለን፤ ያንን ድምር የሚያሳንሰውን β እንመርጣለን። ሊስት ስኩዌር ማለት ይኸው ነው። ድምሩን S እንበለው፦

S(β) = (y − Xβ)'(y − Xβ)

ከዚህ ወደ ኖርማል ኢኩዌሽኑ የሚያደርሰውን መንገድ ያለ ምንም የዲሪቫቲቭ ሕግ እሄዳለሁ። ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ የሁሉም ነገር ልብ እዚህ ነው።

አንድ እጩ b እንያዝ፤ ቀሪውን e = y − Xb እንበለው። አሁን ከ b ትንሽ ፈቀቅ እንበል። ፈቀቅ ያልንበት ቬክተር d ይሁን። አዲሱ ቀሪ y − X(b + d) ነው፤ ማለትም e − Xd። ካሬውን ስንዘረዝረው፦

S(b + d) = e'e − 2d'X'e + d'X'Xd

መካከለኛው ላይ 2 የመጣው d'X'e እና e'Xd አንድ ቁጥር ስለሆኑ ነው። ሁለቱም አንድ በአንድ የሆኑ ማትሪክሶች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ትራንስፖዝ ነው። የአንድ ቁጥር ትራንስፖዝ ራሱ ቁጥሩ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠፋባቸው ይህች ቦታ ናት።

e'e ማለት ራሱ S(b) ነው። ስለዚህ ፈቀቅ በማለታችን የመጣው ለውጥ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ −2d'X'e ነው። ሌላው d'X'Xd ነው፤ ይህ የ Xd ርዝመት ካሬ ስለሆነ መቼም ከዜሮ አይወርድም።

አሁን X'e = 0 ከሆነ የመጀመሪያው ክፍል ይጠፋል። የሚቀረው የማይወርደው ክፍል ብቻ ነው። ወደየትም ብንሄድ S አይቀንስም። b ትንሹን ይሰጣል ማለት ነው።

X'e ዜሮ ካልሆነስ? g = X'e እንበልና ወደ g አቅጣጫ ትንሽ እንሂድ፤ d = tg፣ t ትንሽ ፖዘቲቭ ቁጥር። ለውጡ −2t g'g + t² g'X'Xg ይሆናል። t በጣም ትንሽ ሲሆን t² ከ t ይልቅ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ ለውጡ ኔጋቲቭ ይሆናል። ከ b የተሻለ አለ ማለት ነው። እንግዲህ b ትንሹን የሚሰጠው X'e = 0 ሲሆን፣ ያኔም ብቻ ነው። e ን በ y − Xb ስንተካው፦

X'Xb = X'y

ኖርማል ኢኩዌሽን ይህ ነው። X' የመጣችው ሰው መርጧት አይደለም። ካሬውን ስንዘረዝር ራሷ ወጣች። የ X ዓምዶች ነጻ ሲሆኑ፣ ማለትም አንዱ ከሌሎቹ ተደምሮና ተባዝቶ የማይገኝ ሲሆን፣ X'X ኢንቨርስ ይኖረዋል፤ b = (X'X)⁻¹X'y ይሆናል።

ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስ። X'X የሚሰጠው 4፣ 10፣ 10፣ 30 ነው፤ X'y ደግሞ 56 እና 166።

4b₀ + 10b₁ = 56
10b₀ + 30b₁ = 166

ዲተርሚናንቱ 4×30 − 10×10 = 20 ነው። b₀ = (30×56 − 10×166)/20 = 1። b₁ = (4×166 − 10×56)/20 = 5.2። ግምቶቹ 6.2፣ 11.4፣ 16.6 እና 21.8 ናቸው። ቀሪዎቹ 0.8፣ −0.4፣ −1.6 እና 1.2። የካሬያቸው ድምር 4.8 ነው። በ Z' ያገኘነው መልስ ግን ቀሪዎቹ 2፣ 0፣ −2፣ 0 ናቸው፤ የካሬያቸው ድምር 8 ነው። ሦስቱን ቀን በትክክል የገጠመው 3 እና 4 ደግሞ አራተኛው ቀን ላይ 4 ይስታል፤ ካሬው 16 ነው። X' ን ከ Z' የሚያስመርጠን ይህ 4.8 ነው።

X'e = 0 መሆኑንም በእጃችን እናረጋግጥ። በመጀመሪያው ዓምድ፦ 0.8 − 0.4 − 1.6 + 1.2 = 0። በሁለተኛው፦ 0.8×1 − 0.4×2 − 1.6×3 + 1.2×4 = 0። ቀሪው ለእያንዳንዱ ዓምድ ቀጤ ነው ማለት ነው። ከዓምዶቹ የሚወጣው ሁሉ ወጥቷል፤ በእነሱ ሊገለጽ የሚችል ነገር ቀሪው ውስጥ አልተረፈም።

የቀሪዎቹ ድምር ዜሮ የሆነው የአንዶች ዓምድ ስላለ መሆኑን ልብ በሉ። β₀ ን ብናወጣና በኩንታል ብቻ ብንሠራ b₁ = 166/30 ይሆናል፤ ወደ 5.53 ገደማ። የቀሪዎቹ ድምር ያኔ ዜሮ አይሆንም፤ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ከኩንታሉ ጋር ተባዝተው ሲደመሩ ግን አሁንም ዜሮ ናቸው። ኖርማል ኢኩዌሽኑ ቃል የሚገባው X ውስጥ ላሉ ዓምዶች ብቻ ነው።

ስለ ስርጭትም አንድ ነገር። እስካሁን ስለ ፕሮባቢሊቲ አንድ ቃል አልተነፈስንም። ቀሪዎቹ ኖርማል ስርጭት ይኑራቸው አይኑራቸው ቀመሩን ለማውጣት ጉዳይ አይደለም። ስርጭት የሚያስፈልገን በኋላ ስለ b እርግጠኝነት ስንናገር ነው፤ ቴስትና የመተማመኛ ክልል ስንሠራ።

የጸሐፊው አባባል ፍጹም ከሰማይ የወረደ አለመሆኑንም ልናገር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዣንድር ዘዴውን በ 1805 ሲያሳትም የሰጠው የአሠራር ደንብ ተመሳሳይ ነው። የእያንዳንዱን እኩልታ ቁጥሮች በፈለግነው ያልታወቀ ቁጥር ፊት ባለው ቁጥር አባዝታችሁ ደምሩ ይላል። ይህ በ X' ማባዛት ነው። ነገር ግን ሌዣንድር ደንቡን ያወጣው የካሬዎቹ ድምር እንዲያንስ ብሎ ተነስቶ ነው። ደንቡ የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አልነበረም።

ይህን የዘለለ ተማሪ የሚሠራውን ሌላ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። (X'X)⁻¹ ን X⁻¹(X')⁻¹ ብሎ ይከፍለዋል። ከዚያ X' ከ (X')⁻¹ ጋር ይጣፋና b = X⁻¹y ይላል። የወፍጮ ቤቱ X አራት ረድፍ ሁለት ዓምድ ነው፤ X⁻¹ የሚባል ነገር የለውም። ያ ክፍፍል የሚሠራው X ራሱ ካሬ ሆኖ ኢንቨርስ ሲኖረው ነው። ያኔ ደግሞ መስመሩ በሁሉም ነጥብ ላይ ያልፋል፤ ቀሪም የለም፤ ሊስት ስኩዌርም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ዲሪቫቲቩና ትንሹ

እዚህ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። የ β'Aβ ዲሪቫቲቭ በጠቅላላው (A + A')β ነው። 2Aβ የሚሆነው A ሲሜትሪክ ሲሆን ብቻ ነው። A የላይኛው ረድፏ 0፣ 1፣ የታችኛው 0፣ 0 ይሁን። β'Aβ ማለት β₁β₂ ብቻ ነው። ዲሪቫቲቩ β₂ እና β₁ ነው። 2Aβ ግን 2β₂ እና 0 ይላል። አልተገናኙም። በእኛ ሥራ 2X'Xβ ብንል የማንሳሳተው የ X'X ትራንስፖዝ ራሱ X'X ስለሆነ ነው። ይህን አንድ መስመር መጻፍ አያከስርም፤ ፈተና ላይም ነጥብ አለው።

ዜሮ የሆነበት ቦታ ሁሉ ትንሽ አይደለም። እዚያው β₁β₂ ላይ እንቆይ። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ዲሪቫቲቩ ዜሮ ነው። ሁለቱንም 1 ብናደርግ ዋጋው 1 ይሆናል። አንዱን 1 ሌላውን −1 ብናደርግ −1 ይሆናል። ከዜሮው ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ ይቻላል፤ ትንሽም ትልቅም አይደለም። እኛን የሚያድነን ከላይ ያየነው d'X'Xd ነው። የርዝመት ካሬ ስለሆነ ወደ ታች የሚወስድ መንገድ የለም። በዲሪቫቲቭ የሚሠራ ሰው ሁለተኛው ዲሪቫቲቭ 2X'X መሆኑን ጽፎ ይህንኑ መናገር አለበት። ያ መስመር ከሌለ ማረጋገጫው ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ኢንቨርስ ሲጠፋ

ይህ በግልጽ ስህተት ነው። ኖርማል ኢኩዌሽኑ ሁልጊዜ መፍትሔ አለው። ኢንቨርስ ሲጠፋ የሚጠፋው የመፍትሔው አንድነት ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሌላ ዓምድ ጨመረ እንበል፤ ያንኑ እህል በኪሎ። 100፣ 200፣ 300፣ 400። ኩንታልና ኪሎ አንድ ነገር ናቸው፤ ሦስተኛው ዓምድ የሁለተኛው መቶ እጥፍ ነው። X'X ኢንቨርስ የለውም። ግን መፍትሔ ጠፋ? b₀ = 1፣ ለኩንታል 5.2፣ ለኪሎ 0 ብንሰጥ ኖርማል ኢኩዌሽኑ ይሟላል። ለኩንታል 0፣ ለኪሎ 0.052 ብንሰጥም ይሟላል። የኩንታሉ ቁጥርና የኪሎው መቶ እጥፍ ሲደመሩ 5.2 እስከሆኑ ድረስ ሁሉም ይሟላል። መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም። ግምቶቹ ግን በሁሉም አንድ ናቸው፦ 6.2፣ 11.4፣ 16.6፣ 21.8። ለአምስት ኩንታል ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል ቢባልም፣ ኪሎውን 500 አድርገን እስካስገባን ድረስ፣ ሁሉም 27 ይላሉ።

ይህ የዚህ ምሳሌ ዕድል አይደለም። X'Xv = 0 የሚያደርግ v አለ እንበል። ሁለቱንም ወገን በ v' ስናባዛ v'X'Xv = 0 ይሆናል። (እዚህ እኩልነቱ እውነት ስለሆነ ማባዛት ይቻላል።) ያ የ Xv ርዝመት ካሬ ስለሆነ Xv = 0 ነው። ከዚህች አጭር መስመር ሦስት ነገር ይወጣል።

የ X ዓምዶች ነጻ ከሆኑ Xv = 0 የሚሆነው v ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ X'X ኢንቨርስ አለው። ከላይ ሳላረጋግጥ ያለፍኩት ይህ ነበር። ሁለት መፍትሔ ቢኖር ደግሞ ልዩነታቸው እንደዚህ ያለ v ነው፤ Xv = 0 ስለሆነ ግምታቸው አንድ ነው። መፍትሔ መኖሩም ከዚሁ ነው። X'X ሲሜትሪክ ስለሆነ X'Xb = c የሚለው መፍትሔ የሚኖረው c ለእንደነዚህ ያሉ v ሁሉ ቀጤ ሲሆን ነው። የእኛ c ደግሞ X'y ነው። v'X'y = (Xv)'y = 0። ሁልጊዜ ቀጤ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መፍትሔ አለ።

«ዳታው አይሠራም» የሚለው አባባል የሚያደርሰው ጉዳት አለ። ተማሪው ድካሙን ሁሉ ይጥላል። መጠየቅ ያለበት ግን ምን ማወቅ እንደፈለገ ነው። ግምት ብቻ ከፈለገ ምንም አልጎደለበትም። የኩንታሉን ቁጥር ከኪሎው ለይቶ ማወቅ ከፈለገ ግን ይህ ዳታ ሊነግረው አይችልም፤ አንዱን ዓምድ ማውጣት አለበት። በተግባር ይህ የሚመጣው በኩንታልና በኪሎ አይደለም። ለጾታ ሁለት የአዎ ወይም የአይ ዓምድ አስገብቶ የአንዶችን ዓምድም ሳያወጣ የተወ ተማሪ ጋ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ሲደመሩ የአንዶችን ዓምድ ይሰጣሉና።

አራተኛው ነጥብ፦ ኮምፒውተሩ

ወረቀት ላይ ሒሳቡ አንድ ነው። ኮምፒውተር ግን ቁጥርን በ 16 አሃዝ ገደማ ነው የሚይዘው፤ የተረፈውን ያጠጋጋዋል። ስለዚህ በየት በኩል እንደምንሄድ ለውጥ ያመጣል።

ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ፋብሪካ የዓመት ምርት ይዞ የመጣ ተማሪ እናስብ። ዓመቶቹ ከ 2010 እስከ 2016 ናቸው፤ ሰባት ረድፍ። X የአንዶች ዓምድና የዓመት ዓምድ አለው። ሁለቱ ዓምዶች ነጻ ናቸው፤ ግን አቅጣጫቸው አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። 2010 እና 2016 በመቶኛ ሲታዩ ልዩነታቸው ኢምንት ነውና። ይህን ቅርበት የሚለካው ኮንዲሽን ቁጥር ይባላል። ለዚህ X ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። X'X ን ስንሠራ ይህ ቁጥር በራሱ ይባዛል፤ ወደ 4 ትሪሊዮን ይወጣል። በሻካራ ግምት ኮንዲሽን ቁጥሩ ባሉት ዜሮዎች ልክ አሃዝ ልናጣ እንችላለን። X'X ን ሠርተን በኢንቨርስ ስንሄድ እስከ 12 የሚደርሱ አሃዞች አደጋ ላይ ናቸው፤ የሚተማመኑበት 4 ገደማ ይቀራል። X ላይ በቀጥታ የሚሠሩ ዘዴዎች፣ ቀሪዎቹ ትንሽ ሲሆኑ፣ ወደ 6 ያህሉን ብቻ ነው የሚያጡት።

ተማሪው ከዚያ ላይ የዓመቱን ካሬ ሦስተኛ ዓምድ አድርጎ ቢጨምር ነገሩ ይብሳል። የ X'X ኮንዲሽን ቁጥር ኮምፒውተሩ ከሚይዘው አሃዝ ሁሉ አልፎ ይሄዳል። ኢንቨርስ የሚያወጣው የ NumPy ትእዛዝ inv ያኔ ስህተት አለ ብሎ ላይቆም ይችላል። ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ትርጉም የለውም።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ማድረግ ይሻላል። አንደኛው ከዓመቱ ላይ 2013 ን መቀነስ ነው። ዓመቶቹ −3፣ −2፣ −1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ይሆናሉ። ድምራቸው ዜሮ፣ የካሬያቸው ድምር 28 ነው። X'X ከ 7 እና 28 በቀር ሁሉ ዜሮ ይሆናል፤ ኮንዲሽን ቁጥሩም 4 ብቻ። b₁ አይለወጥም። b₀ ግን አሁን የ 2013 ግምት ነው። ለአንባቢም ይህ ይሻላል፤ ዓመተ ምሕረቱ ዜሮ በነበረ ጊዜ ፋብሪካው ስንት ያመርት ነበር የሚል ጥያቄ የለንምና። ካሬውንም የሚጨምር ሰው የተቀነሰውን ዓመት ካሬ ያድርግ።

ሁለተኛው inv ን ትቶ ለዚሁ የተሠራውን lstsq መጠቀም ነው፤ year የዓመቶቹ፣ y የምርቱ የ NumPy አሬይ ሆነው አስቀድመው የገቡ ናቸው፦

```python
import numpy as np
t = year - 2013
X = np.column_stack([np.ones(len(t)), t])
b, *_ = np.linalg.lstsq(X, y, rcond=None)
e = y - X @ b
print(X.T @ e)
```

lstsq X'X ን ሳይሠራ በ X ላይ በቀጥታ ይሄዳል። ኢንቨርስ በማይኖርበት ጊዜም ከብዙዎቹ መፍትሔዎች ርዝመቱ ትንሹ የሆነውን b ይሰጣል።

የመጨረሻው መስመር በእጃችን ያረጋገጥነውን X'e በኮምፒውተር የሚያረጋግጥ ነው። በማንኛውም ዘዴ b ን ያገኘ ሰው ይህን ማተም ይችላል። ፍጹም ዜሮ አትጠብቁ፤ እንደ 1e-13 ያለ ነገር ይወጣል። የሚወዳደረውም ከዜሮ ጋር ሳይሆን ከዓምዱ ርዝመትና ከቀሪው ርዝመት ብዜት ጋር ነው። ከዚያ ብዜት አንጻር ኢምንት ከሆነ b የካሬዎቹን ድምር የሚያሳንሰው ነው፤ ጎላ ብሎ ከታየ ግን የታተመው b ኖርማል ኢኩዌሽኑን አያሟላም።